ጋሽ ገብሬ በወረቀት ላይ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ገብሬ እያለ የሚጠራው ሰው መታወቂያው ላይ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ገብረ ማርያም ይሆን? ገብረ ሥላሴ? ወይስ ገብረ መድኅን? «ገብሬ» ይህን አይነግረንም።

«ገብረ» ግእዝ ነው፤ «የእገሌ አገልጋይ» ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ረ» የሚቀጥለውን ስም ትጠብቃለች። ሁለተኛው ክፍል ሲቀር ቃሉ እንዳይንጠለጠል አማርኛ የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ኃምስ ይለውጣታል። ኃይለ ኃይሌ፣ ተክለ ተክሌ፣ ወልደ ወልዴ፣ ኪዳነ ኪዳኔ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ድምፁ «ልጄ» ከምንለው ጋር ስለሚመሳሰል ቁልምጫም ይመስላል። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ሁሉ የሚወደው።

ወረቀት ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። አፍ የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን ሲጥል፣ ጸሐፊ የፊተኛውን ቆርጦ «ገ/ማርያም» ይላል። «ገ/» ብዙም አያሳስት ይሆናል፤ «ኃ/ማርያም» ግን ኃይለ ማርያምም ኃብተ ማርያምም ሊሆን ይችላል። «ተ/ማርያም» ተክለ ነው ወይስ ተስፋ? «ወ/ማርያም»ስ ወልደ ነው ወይስ ወለተ?

አንድ ሰው የትምህርት ማስረጃው «ኃይለ ማርያም»፣ የባንክ ደብተሩ «ኃይሌ»፣ የቤት ካርታው «ኃ/ማርያም» ይላል እንበል። በሕይወት ሳለ «እኔ ነኝ» ብሎ ያስረዳል። ሲሞት ግን ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የማስረዳቱ ዕዳ በልጆቹ ላይ ይወድቃል፤ ምስክር ፍለጋ ይንከራተታሉ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሰውን የሚለየው የራሱና የአባቱ ስም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቆረጥ የሚጠፋው ብዙ ነው።

ስለዚህ ለውል፣ ለማመልከቻ፣ ለምስክር ወረቀት ስሙ ሳይቆረጥ ይጻፍ እላለሁ፤ ያውም በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ አጻጻፍ። ቴዲ፣ ቤቲ፣ አብርሽ፣ ትዕግስትዬ የሚሉት ለቤትና ለጓደኛ ደብዳቤ ያምራሉ፤ ለመሥሪያ ቤት ግን ቴዎድሮስ፣ ቤተልሔም፣ አብርሃም፣ ትዕግስት ይባል።

ግን ያጠረ የሚመስል ስም ሁሉ ያጠረ አይደለም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስሙ ኃይሌ ነው፤ «ኃይለ» ብሎ የሚያርመው ጸሐፊ ራሱ ይሳሳታል። የሚሻለው ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ሕዝብ በቅጽል ስሙ የሚያውቀው ሰው ሲሆን ደግሞ በመጀመሪያው መጠቀስ ሁለቱንም መስጠት ይበቃል፦ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ)።

የሐዘን ማስታወቂያ ላይም ቅንፉ መቅረት የለበትም። «አቶ ገብረ ማርያም» ብቻ ተብሎ ሲለጠፍ፣ ዕድሜ ልኩን ጋሽ ገብሬ ሲለው የኖረ ጎረቤት አንብቦ ያልፋል።