የስልክ መክፈቻ መስመር ሲረሳ

አንድ የዳንግላ ገበሬ ዘጠኙን ነጥብ የሚያገናኙበት የስልክ መክፈቻ መስመር ጠፋባቸው። ስልኩ አሮጌ ነው። የእንጅባራ ከሰል ነጋዴዎች ቁጥር ያለው ግን እዚያው ነው። ስልክ ጠጋኙ «አጥፍቼ እከፍተዋለሁ» አላቸው። እኛ ትንሽ ይቆዩ አልናቸው፤ እንዲህ ማጥፋት በስልኩ ሆድ ያለውን ፎቶና ቁጥር ሁሉ ይደመስሳልና።

መጀመሪያ ሲም ካርዱን አውጥተን በሌላ ስልክ ከተትነው። ሲሙ ላይ የተመዘገቡ ቁጥሮች ወጡ፤ ጻፍናቸው። የነጋዴዎቹ ግን ስልኩ ላይ ስለነበሩ አልወጡም። የቴሌብር ብር በስልኩ ውስጥ አይቀመጥም፤ *127# ብለው ሲያዩት አልጎደለም።

ቀጥለን መስተዋቱን ሳንወለውል ወደ ብርሃን አዘነበልነው። ጣት ደጋግሞ የሄደበት ቅባት «በ» የሚለውን ፊደል መስሎ ታየ። ቅባት መንገዱን እንጂ መነሻውን አይናገርም። ከግራ እግሩ ጀመሩ፣ እንቢ አለ። ከቀኝ እግሩ ሲጀምሩ ተከፈተ! በዘፈቀደ መሞከር ግን አያዋጣም፤ አምስት ጊዜ ከተሳሳቱ ስልኩ ሠላሳ ሴኮንድ ያስጠብቃል።

ባይከፈትስ? አንድሮይድ 4.4 እና ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ከአምስት ስህተት በኋላ Forgot pattern? የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ኢንተርኔት ካለ፣ በጉግል ኢሜይልና በይለፍ ቃሉ መሞከር ነው፤ በእነዚህ አሮጌዎች ዛሬ ሁልጊዜ አይሳካም። ከ5.0 ወዲህ ይህ በር ተዘግቷል። ከ5.1 ጀምሮ ደግሞ ስልኩ ከጠፋ በኋላም የቀድሞውን ኢሜይል ሊጠይቅ ይችላል። ኢሜይሉን የከፈተላችሁ የጎረቤት ልጅ ከሆነ፣ ከማጥፋቱ በፊት እሱን ፈልጉት።