ለከባድ ብረት የሚሆን ዘፈን

ሯጭ እርምጃውን ከዘፈን ምት ጋር አስማምቶ መሮጥ ይችላል። ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው ግን ይህን ባይሞክር ይሻለዋል። ባር ተሸክሞ ስኳት ሲሠራ ፍጥነቱን የሚወስኑት ትንፋሹና ጉልበቱ እንጂ ከበሮው አይደሉም። ስለዚህ ዘፈን ሲመርጥ ከምቱ ፍጥነት ይልቅ የሚሞቅበትን ሰዓት ማየት አለበት።

አንድ ሰው 100 ኪሎ ተሸክሞ በየዙሩ አምስት ጊዜ፣ በድምሩ አምስት ዙር ስኳት ይሠራል እንበል። አንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ያርፋል፤ ጡንቻ ለአጭርና ለከባድ ሥራ የሚያወጣው ኃይል ተመልሶ እስኪሞላ ደቂቃዎች ይፈልጋልና። እንግዲህ ጂም ውስጥ ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው ዕረፍት ነው። ሙሉውን ሰዓት በሚያስጨፍር ዘፈን ከሞላው ልቡ ሳይረጋጋ፣ ዕረፍቱም ሳያልቅ ወደ ባሩ ይመለሳል።

የሚሻለው ሁለት ዓይነት ዘፈን ማፈራረቅ ነው። ዙሩ እንዳለቀ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚቆይ ረጋ ያለ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ሰውየው ውኃ ይጠጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። ቀጥሎ የሚገባው ኃይለኛው ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ቀበቶ ለማጥበቅና ባሩ ሥር ገብቶ ለመቆም ይበቃል። ዘፈኑ ሲፈነዳ ማንሳት ይጀመራል፤ አምስተኛው ሲያልቅ ዘፈኑም ይቆረጣል። አንዱ ዑደት ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ አምስቱ ዙር ደግሞ 17 ደቂቃ ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ዘፈኖቹን በስልክ የድምፅ ማረሚያ ቆርጦ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል። ፕሌይሊስቱ ዘፈኖችን እያደባለቀ እንዳያጫውት፣ የአንዱን መጨረሻም ከሌላው መጀመሪያ ጋር እንዳያነባብር ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሰዓቱ ይዛባል።

ለኃይለኛው ክፍል የሚመቸው ቀስ ብሎ የሚገነባ መግቢያ ያለው ዘፈን ነው። የኤሲ/ዲሲ «ተንደርስትራክ» (1990 እ.ኤ.አ.) በጊታር ብቻ ጀምሮ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከእኛ ደግሞ ሽለላና ቀረርቶ አሉ፤ ጥብቅ ምት ስለሌላቸው ወኔ ይቀሰቅሳሉ እንጂ እጅና እግርን አያጣድፉም። ፈጣን የጉራጊኛ ዘፈን ግን ለማሟሟቂያ ቢሆን ይሻላል፤ ከባሩ ሥር ሆኖ ምቱን ለመከተል መጓጓት አደገኛ ነው።

ዝግጅቱ እንዳልሠራ በቀላሉ ይታወቃል። ዘፈኑ ሲፈነዳ ሰውየው አሁንም ቁና ቁና የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም በሦስተኛው ዙር አምስተኛውን ማንሳት ካቃተው፣ የረጋው ሙዚቃ አጥሯል፤ አንድ ደቂቃ ይጨመርበት። ይህም ካልረዳ ክብደቱ ይቀነስ። የድምፁን መጠንም ይጠንቀቁ፤ ከኋላ የሚጠብቅዎ ሰው «መልሰው!» ሲል መስማት ካልቻሉ አንዱን ኢርፎን ያውልቁ።