«ነገ እጨርሰዋለሁ»፦ የፈረቃ ርክክብ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ያላለቀ ሥራ ካለ ወረቀቱን ፈርሞ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ተረኛው አይቶ ይረዳዋል።

እውነታ፦ በሰሜን ባሕር የነበረው የፓይፐር አልፋ ነዳጅ ማውጫ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 የጋየው ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። ኤ የተባለው ፓምፕ ቆሞ፣ የግፊት መከላከያ ቫልቩ ለፍተሻ ተፈትቶ ነበር። ቫልቩ እስከ ማምሻው ስላልተመለሰ ክፍቱ ቦታ በብረት ክዳን ተደፈነ፤ ክዳኑ ግን ጋዝ እንዳያሳልፍ ተደርጎ አልጠበቀም። የቫልቩ የሥራ ፈቃድና የፓምፑ የጥገና ፈቃድ ለየብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አይጠቅስም። በርክክቡም ስለ ቫልቩ የተናገረ አልነበረም።

ማታ ቢ የተባለው ፓምፕ ቆመ። ተረኞቹ የሚያውቁት የኤን የጥገና ፈቃድ ብቻ ነው፤ ጥገናው ገና ስላልተጀመረ ማስነሳት ይቻላል ብለው አስነሱት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጋዙ ፈነዳ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም የሥራ ድርሻውን ተወጥቷል ለማለት ይቻል ይሆናል፤ ሁለቱን ወረቀቶች ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ተረት፦ ጓጉንቸሬን ማሽኑ ላይ ትቼ ብሄድ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠብቃል።

እውነታ፦ የጥገና ሠራተኛ ማብሪያው ላይ የሚያስረው የግል ጓጉንቸር «እጄ ውስጥ ነው፣ አታስነሱ» ማለት ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ከሄደ ሌሊቱን አንድ ሰው መቁረጫ ማምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ይህን የሚፈቅደው ባለቤቱ በግቢው እንደሌለ ከተረጋገጠ፣ ሊያገኙት ከሞከሩ፣ ሲመለስም ሥራ ሳይጀምር እንዲያውቅ ከተደረገ ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ ተረኛው መጀመሪያ የራሱን ያስራል፣ ከዚያ ሂያጁ የራሱን ይፈታል። ማሽኑ ለአፍታም ያለ ጓጉንቸር አይቆይም።

ተረት፦ መዝገብ በረዘመ ቁጥር ይጠቅማል።

እውነታ፦ «ፓምፕ ኤ ጥገና ላይ ነው» አጭር ነው፤ ግን ምንም አይነግርም። የቀኑን ውሎ ሙሉ መተረክም አይሻልም፤ ዋናው ነገር መሃሉ ይሰወራል። ተረኛው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ፓምፕ ኤ፦ አታስነሱ። መከላከያ ቫልቩ ወርዷል፤ ክዳኑ ግፊት አይችልም። የቀረው ቫልቩን መልሶ መግጠም። ሁለት ፈቃድ አለ፦ የቫልቩና የፓምፑ። ቢ ቢቆም ኤን አትንኩ፤ ኃላፊውን ጥሩ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ሌሊት ሊመጣ የሚችለውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳልና። ይህን ጽፋችሁም ወዲያው አትውጡ፤ ተረኛውን ማሽኑ ዘንድ ወስዳችሁ ክዳኑን አሳዩት፣ ምን እንደተረዳ በራሱ አንደበት ይንገራችሁ፣ ከዚያ ይፈርም።