ሞያሌን «ሞያሊ» የሚያደርጋት ፎንት፦ ስለ ብሮሸር ፊደል ተረቱና እውነታው

ሞያሌ ላይ ለሚታደል ብሮሸር ፎንት የሚመርጥ ሰው ከከተማዋ ስም የተሻለ መፈተኛ አያገኝም። የስሟ የመጨረሻ ፊደል «ሌ» ከ«ሊ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ግርጌ ባለች አንዲት ቀለበት ነው፤ «ሊ» እዚያው ቦታ ላይ ያለው አጭር ጭረት ብቻ ነው። ፊደሉ በ9 ነጥብ ሲታተም ያቺ ቀለበት እጅግ ታንሳለች። የፎንቱ ጭረት ከወፈረ ወይም ወረቀቱ ቀለም የሚመጥ ከሆነ ውስጧ ይደፈንና «ሞያሌ» «ሞያሊ»፣ «ቤት» «ቢት»፣ «ጤና» «ጢና» መስሎ ይወጣል። አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ገምቶ ማለፉ አይቀርም። ግን ብሮሸር ቆሞ የሚገመት ነገር አይደለም፤ እየተራመዱ አንድ ጊዜ ዓይን የሚጣልበት ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ተረት ከዚሁ ይነሣል፦ «ርእሱን ያሳመረ ፎንት ዝርዝሩንም ያሳምራል»።

እውነታው ተቃራኒው ነው። የርእስ ፎንት የተሳለው ተልቆ እንዲታይ ነው። ጭረቱ ወፍራም፣ በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ጠባብ ነው፤ በ26 ነጥብ ይህ ግርማ ይሰጠዋል፣ በ9 ነጥብ ግን ፊደሉን ጥቁር ነጠብጣብ ያደርገዋል። ዝርዝር ጽሑፍ የሚፈልገው ፎንት ሌላ ጠባይ አለው፦ ጭረቱ መካከለኛ፣ ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉ፣ የእግሮቹ ርቀት የማያሻማ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ሥራ በሌላ መንገድ ከፍለውት ነበር። ጌጡን ከገጹ ራስጌ ለሚሳለው ሐረግ ሰጡት፤ ትኩረት የሚሻውን ስም በቀይ ቀለም ጻፉት፤ ፊደሉን ራሱን ግን እንዲነበብ አድርገው ተዉት። የዛሬ ዲዛይነር ስስ ፊደል ከማወፈር ይልቅ ንኡስ ርእሱን በቀለም ቢለየው አዲስ ነገር አልፈጠረም።

ሁለተኛው ተረት በትምህርት የታገዘ ስለሚመስል የበለጠ ያሳስታል። «ሁለቱ ፎንቶች እንዲስማሙ መመሳሰል አለባቸው» ይላል። ኒያላንና አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ውሰዱ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ፎንት ነው፤ አቢሲኒካን ያወጣው ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ነው። ሁለቱም የእጅ ጽሕፈትን ጠባይ ይዘዋል፤ ጭረታቸው አንዴ ይወፍራል አንዴ ይቀጥናል። አንዱን ለርእስ፣ ሌላውን ለዝርዝር ያደረገ ሰው ልዩነታቸው በግልጽ ስለማይታይ ሆን ብሎ የመረጠ ሳይሆን የተሳሳተ ይመስላል። ጥሩ ጥምረት ልዩነቱን በሩቁ ያሳያል፦ ጭረቱ እኩል የሆነ ደማቅ ፎንት ለርእስ፣ ብዕር የነካው የሚመስል ቀለል ያለ ፎንት ለዝርዝር። ሁለት ፎንት መምረጥ የከበደው ደግሞ አንዱን ቤተሰብ በተለያየ ውፍረት ቢጠቀም ነውር የለበትም። የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስሱ እስከ ጥቁሩ ዘጠኝ ውፍረት አለው።

ብዙ ብሮሸር የሚበላሸው ግን በምርጫ ሳይሆን በአንዲት ቁልፍ ነው። «ርእስ ከፈለግህ ቦልድ ተጫን» የሚለው ሦስተኛው ተረት እያንዳንዱ ፎንት ቦልድ ያለው ያስመስላል። ኒያላና አቢሲኒካ የላቸውም፤ ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ውፍረት ነው። በወርድ ላይ B ሲጫን ፕሮግራሙ የፊደሉን ዳር አወፍሮ የራሱን ቦልድ ይፈጥራል። ዲዛይነር ተቀምጦ የሳለው እውነተኛ ቦልድ ጭረቱን ሲያወፍር ቀለበቱን አብሮ ያሰፋል፤ ፕሮግራሙ የፈጠረው ግን ሁሉንም በእኩል ስለሚያወፍር መጀመሪያ የሚደፈነው የ«ሌ» ቀለበት ይሆናል። ኢንዲዛይን በዚህ ረገድ ጨዋ ነው፤ ፎንቱ ቦልድ ከሌለው አይፈጥርለትም። ኢታሊክም እንዲሁ ነው። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ኢታሊክ ጋር የሚወዳደር የቆየ ልማድ የለውም፤ በስክሪን ላይ የሚታየው ዘመም ያለ አማርኛ በግድ የተገፋ ፊደል ነው።

ቁጥርም ያታልላል። «10 ነጥብ 10 ነጥብ ነው» የሚል ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በኒያላና በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በእኩል ቁጥር አሳትሞ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ኒያላው አንሶ ይታያል። ነጥብ የሚለካው ፊደሉ የተቀመጠበትን ሳጥን እንጂ ፊደሉን አይደለም። እንደ ሞያሌ ባለ የድንበር ከተማ ችግሩ እጥፍ ነው፤ አማርኛው በግእዝ ፊደል፣ ኦሮምኛው፣ ስዋሂሊውና እንግሊዝኛው በላቲን አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍፍል ስለሌለው ቁመቱ ወደ ላቲኑ ትልቅ ፊደል ይጠጋል። በእኩል ነጥብ ሲቀመጡ አማርኛው የሚጮህ፣ ላቲኑ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። አማርኛውን በግማሽ ወይም በአንድ ነጥብ ዝቅ አድርጎ በዓይን ማመጣጠን ይሻላል፤ ለዚህ የሚሆን ቋሚ ቁጥር የለም።

ነገሩን በአንድ ገጽ ላይ እንየው። ከኬንያው ሞያሌ ወገን ያለችው ዳበል ለሚሄድ እንግዳ መንገድ የሚያመለክት፣ ለሦስት የታጠፈ የኤ4 ብሮሸር ይሠራ እንበል። ወረቀቱ 297 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ አንዱ እጥፋት ወደ 99 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በግራና በቀኝ 9 ሚሊ ሜትር ሲተው ለጽሑፉ 81 ሚሊ ሜትር ይቀራል። «ከሞያሌ እስከ ዳበል» የሚለው ርእስ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥቁር በ26 ነጥብ ይቀመጥ፤ ለአንድ መስመር ከረዘመ ፊደሉን ከማጥበብ ከ«እስከ» በፊት መስበር ይሻላል። ዝርዝሩ አቢሲኒካ በ10 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ 15 ነጥብ ይሁን። የግእዝ ፊደል መስመሩን ከላይ እስከ ታች ስለሚሞላ ርቀቱ ከጠበበ ገጹ ይታፈናል። ንኡስ ርእሶቹ የርእሱን ፎንት በመካከለኛ ውፍረት በ11 ነጥብ ይዋሱ። ሦስተኛ ፎንት አያስፈልግም። ዝርዝሩን በደማቅ ቀለም ላይ በነጭ ማተም ከተፈለገ ግን አቢሲኒካን መተው ነው፤ ቀጫጭን ጭረቶቹን ዙሪያው ያለው ቀለም ይውጣቸዋል።

«ስክሪን ላይ ካማረ ወረቀት ላይም ያምራል» የሚባለው የመጨረሻው ተረት ነው። ስክሪን ገጹን ያጎላል፣ ከኋላው ያበራል፣ ቀለምም አይመጥም። ስለዚህ ገጹ ሳያንስና ሳይተልቅ በ100 በመቶ ይታተም፤ ከዚያ የታተመው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ኮፒው ላይ «ቤት» አሁንም «ቤት» ከሆነ ፎንቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ይችላል፤ ካልሆነ ነጥቡን ከመጨመር በፊት ውፍረቱን መቀነስ ይሞከር።

ፋይሉ ድንበር ተሻግሮ የሚታተም ከሆነ አንድ ነገር ይጨመር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተሠራ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው በሌላ ይተካበታል፤ ያን ጊዜ የመስመሩም የገጹም ልክ ይለወጣል። ለማተሚያ ቤት የወርዱን ፋይል ሳይሆን ፒዲኤፉን ይላኩ፤ ከመላክዎ በፊትም በአዶቤ ሪደር የሰነዱን ባሕርያት ከፍተው እያንዳንዱ ፎንት «Embedded» መባሉን ይመልከቱ።