አውቶቡስ መጠበቅ በጀርመንኛ

ጀርመንኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው» ሊል ሲፈልግ ብዙ ጊዜ አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ኢኽ ቫርተ ዴን ቡስ» የሚለው ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም። በአማርኛ ሰው አውቶቡሱን ይጠብቃል፤ በጠባቂውና በሚጠበቀው መካከል ከተሳቢዋ «ን» በቀር የሚገባ ነገር የለም። በጀርመንኛ ግን እዚህ ቦታ «አውፍ» የምትባል ትንሽ መስተዋድድ ካልገባች ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር ይናገራል። «ቫርተን» የሚለው ግሥ ያለ መስተዋድድ ተሳቢ ብቻ ይዞ ሲመጣ ማሽንን ወይም መኪናን በየጊዜው መፈተሽና በደህና ማቆየት ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው ያለው «አውቶቡሱን ሰርቪስ እያደረግኩ ነው» ነው። ፌርማታ ላይ አብሮት የቆመ ጀርመናዊ ምን ሊል እንደፈለገ ይገባዋል። ፈተና የሚያርም መምህር ግን ስህተት ብሎ ያሰምርበታል።

ሁለቱ ትርጉሞች የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ቃሉ በጥንት ዘመን ነቅቶ ማየትን፣ ዘብ መቆምን ይገልጽ ነበር። «ቫርተ» የሚባለው ስም እስከ ዛሬ የጥበቃ ማማ ማለት ነው። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 እና በ1522 ተሸሽጎ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመበት የቫርትቡርግ ግንብም ስሙ ውስጥ ይህንኑ ቃል ይዟል። ማሽን የሚንከባከበው ሰው ዓይኑን ከማሽኑ አይነቅልም፤ አውቶቡስ የሚጠብቀውም ዓይኑን ወደ መንገዱ ልኳል። ዓይን ወደ አንድ ነገር መላኩን ልብ በሉት፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ጉዳይ ይጠቅማል።

«አውፍ» መግባት እንዳለባት ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ስም የሚይዘው ሙያ ነው። በጀርመንኛ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ሙያ ከፊቱ በሚቆመው አርቲክል ላይ ይታያል። ከመስተዋድድ በኋላ በብዛት የሚመጡት ሁለት ሙያዎች አኩዛቲቭ እና ዳቲቭ ናቸው። ተባዕታይ የሆነ ስም በአኩዛቲቭ «ዴን»፣ በዳቲቭ «ዴም» ይባላል። ልዩነቱ አንድ ድምፅ ነው፦ «ን» ወይም «ም»።

አንዳንድ መስተዋድዶች እዚህ ላይ ምርጫ አይሰጡም። «ሚት»፣ «ፎን» እና «ናኽ» ሁልጊዜ ዳቲቭ ይወስዳሉ፤ «ፍዩር» እና «ኡም» ሁልጊዜ አኩዛቲቭ። እነዚህን ግሡ የመረጣቸው እንደሆነ ሙያውም አብሮ ተመርጧል። ችግሩ ያለው «አውፍ»፣ «አን»፣ «ኢን»፣ «ዩበር» እና «ፎር» በሚገኙበት ባለ ሁለት ወገን ቡድን ነው። ጀማሪ ተማሪ ስለእነሱ የሚማረው ደንብ ቀላል ነው፤ ነገሩ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ከሆነ አኩዛቲቭ፣ እዚያው ያለ ከሆነ ዳቲቭ። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «አውፍ ዴን ቲሽ»፣ ተቀምጦ ሲገኝ «አውፍ ዴም ቲሽ» ይባላል።

ይህ ደንብ ለቦታ ትክክል ነው። ተማሪው አውቶቡስ ሲጠብቅም ሊሠራበት ይሞክራል። «ቆሜያለሁ፤ ወዴትም እየሄድኩ አይደለም፤ ስለዚህ ዳቲቭ» ብሎ ያስብና «ኢኽ ቫርተ አውፍ ዴም ቡስ» ይላል። ሐሳቡ ተከታታይነት አለው፤ ውጤቱ ግን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። «አውፍ» ከዳቲቭ ጋር ስትመጣ ወደ መደበኛ ሥራዋ ተመልሳ «ላይ» ሆናለችና። ከ«ቫርተን» ጋር የተጣበቀችዋ «አውፍ» ቦታ አትናገርም። የግሡ አካል ሆናለች፤ ሙያዋም በመሄድና በመቆም አይወሰንም፤ ሁልጊዜ አኩዛቲቭ ነው።

ሁለቱ «አውፍ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ሲቆሙ ጉዳዩ ፍንትው ብሎ ይታያል። «ፕላትስ» አደባባይ ማለት ነው፤ ተባዕታይ ስም ነው። አደባባይ ላይ ሆኖ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው «ኢኽ ቫርተ አውፍ ዴም ፕላትስ አውፍ ዴን ቡስ» ይላል። የመጀመሪያዋ ያለበትን ቦታ ነገረችን፤ ዳቲቭ ሆነች። ሁለተኛዋ የሚጠብቀውን ነገረችን፤ አኩዛቲቭ ሆነች። ይኸው «ፕላትስ» ደግሞ በትምህርት ቤት ወይም በመዋዕለ ሕፃናት የሚገኝ ክፍት ቦታም ማለት ነው። ልጇ ተመዝግባ ተራ የምትጠብቅ እናት «አውፍ ዴን ፕላትስ» እንደምትጠብቅ ትናገራለች። «አውፍ ዴም ፕላትስ» ካለች ግን አደባባይ ቆማለች ማለት ነው። በፈጣን ንግግር «ዴን» እና «ዴም» ተውጠው ስለሚያልፉ ይህን ልዩነት በጆሮ ብቻ መያዝ ይከብዳል። በጽሑፍ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ጥሩ ዜናው ከግሥ ጋር የተጣበቁት መስተዋድዶች በአብዛኛው አቋም ያላቸው መሆኑ ነው። «ዩበር» ከግሥ ጋር ስትጣበቅ አኩዛቲቭ ትወስዳለች። «ፎር» ዳቲቭ ትወስዳለች፤ መፍራት፣ ማስጠንቀቅ፣ መከላከል ከእሷ ጋር ይሄዳሉ። «አውፍ» በብዛት አኩዛቲቭ ናት፤ የሚያፈነግጡት ጥቂት ናቸው። «በሽቴሄን» አንድን ነገር ካልሆነ ብሎ መጠየቅ ነው፤ «በሃረን» ከአቋም አለመነቃነቅ፤ «በሩሄን» እና «ባዚረን» በአንድ ነገር ላይ መመሥረት። እነዚህ ዳቲቭ የሚወስዱት ያለ ነገር አይመስለኝም። አራቱም በአንድ ነገር ላይ ተደላድሎ መቀመጥን ይናገራሉ፤ ወደ ነገሩ የሚላክ ዓይን የለም። ውሉ ይከበርልኝ የሚል ሰው «ኢኽ በሽቴሄ አውፍ ዴም ፌርትራግ» ይላል፤ ውሉ ላይ ቆሟል።

እውነተኛው ፈተና «አን» ናት። እሷ ለሁለት ተከፍላለች። ማሰብ፣ ማስታወስ፣ ማመን፣ መልመድ ከ«አን» ጋር አኩዛቲቭ ይይዛሉ። መሳተፍ፣ አንድን ሥራ እየሠሩ መቆየት፣ በበሽታ መሠቃየት፣ መጠራጠር ከዚያችው «አን» ጋር ዳቲቭ ይይዛሉ። ስለ ኮርሱ የሚያስብ «ኢኽ ዴንከ አን ዴን ኩርስ» ሲል፣ በኮርሱ የሚሳተፍ «ኢኽ ኔመ አን ዴም ኩርስ ታይል» ይላል። መስተዋድዷም ስሙም አንድ ናቸው፤ ሙያውን የለወጠው ግሡ ብቻ ነው።

እዚህም ከጀርባ ያለ ስሜት መፈለግ ይቻላል። የሚያስብ ሰው ልቡ ወደ ነገሩ ይሄዳል፤ የሚሳተፍና የሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ውስጥ ነው። ማብራሪያው ብዙዎቹን ያስታውሳል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍንም። በዕቅዱ የሚያምን «ኢኽ ግላውበ አን ዴን ፕላን»፣ ዕቅዱን የሚጠራጠር ደግሞ «ኢኽ ትስቫይፍለ አን ዴም ፕላን» ይላል። ማመን ወደ ነገሩ ሄዶ መጠራጠር እዚያው የሚቀርበትን ምክንያት ከደንቡ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ቋንቋው ወስኖታል፤ እንዳለ መያዝ ነው። እኛም «ከጓደኛው ጋር ተጣላ» ስንል ለምን «ከ… ጋር» እንደሆነ ማንም አስረድቶን አላደግንም።

አንዳንዴ መስተዋድዱን መለወጥ የግሡን ጊዜ ይለውጣል። «ዚኽ ፍሮየን» መደሰት ነው። ከ«አውፍ» ጋር ሲሄድ ገና የሚመጣን ነገር በደስታ መጠበቅ ይሆናል፤ ከ«ዩበር» ጋር ሲሄድ በመጣ ወይም በተፈጸመ ነገር መደሰት። ይህ በደብዳቤ ላይ ዋጋ አለው። ለሥራ ያመለከተ ሰው ደብዳቤውን «ኢኽ ፍሮየ ሚኽ አውፍ ኢረ አንትቮርት» ብሎ ቢዘጋ መልሳችሁን በደስታ እጠብቃለሁ ማለቱ ነው። «ዩበር» ቢል ያልተላከ መልስ ደርሶት እንደተደሰተ ይሆናል። አንድ ረቂቅ ነገር ግን አለ። «ቩርደ» በሚለው «ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» ዓይነት አነጋገር ከገባ ጀርመኖች ወደ «ዩበር» ይመለሳሉ፤ «ኢኽ ቩርደ ሚኽ ዩበር አይነ አንትቮርት ፍሮየን» ይላሉ። መልሱ መምጣቱ እርግጠኛ ስላልሆነ፣ ደስታው የታሰበው ከመጣ በኋላ ነው። ይህኛው ትሕትና ስላለው ለማመልከቻ የሚመረጥ ይመስለኛል።

መስተዋድዱ ከግሡ ጋር መጣበቁ በጥያቄም ይታያል። «ምን እየጠበቅክ ነው?» ለማለት «ምን» የሚለውን ቃል ብቻውን ማስቀደም አይበቃም፤ «ቮራውፍ ቫርተስት ዱ?» ይባላል፤ «አውፍ» ጥያቄው ውስጥ ገብታለች። የሚጠበቀው ሰው ከሆነ «አውፍ ቬን» ነው። ከኋላ ስም ቀርቶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢከተል እንኳ መስተዋድዷ አትጠፋም። «አውቶቡሱ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው» የሚል ሰው ቦታ ያዥ አድርጎ «ዳራውፍ» ይልና ቀሪውን ያስከትላል፦ «ኢኽ ቫርተ ዳራውፍ፣ ዳስ ዴር ቡስ ኮምት»።

እንግዲህ እነዚህን ግሦች እንዴት መያዝ ይሻላል? ብዙ መጻሕፍት ረጅም ሰንጠረዥ ያቀርባሉ፤ በአንድ ዓምድ ግሡ፣ በሌላው መስተዋድዱ፣ በሦስተኛው የሙያው ምህጻረ ቃል። ለማጣቀሻ ይጠቅማል፤ ሲናገሩ ግን ምህጻረ ቃል ከአፍ አይወጣም። እኔ የምመክረው እያንዳንዱን ግሥ «እኔን» ወይም «እኔ» ከሚያመለክቱት ከ«ሚኽ» እና ከ«ሚር» ጋር አጣብቆ በአጭር ዓረፍተ ነገር መያዝን ነው። «ሚኽ» አኩዛቲቭ፣ «ሚር» ዳቲቭ ነው፤ ከ«ዴን» እና ከ«ዴም» ይልቅ በጆሮ ይለያሉ። «ቫርተ አውፍ ሚኽ» ጠብቀኝ ነው። «ዴንክ አን ሚኽ» አስበኝ፤ «ግላውብ አን ሚኽ» እመንብኝ፤ «ትስቫይፍለ ኒኽት አን ሚር» አትጠራጠረኝ፤ «ሃብ ካይነ አንግስት ፎር ሚር» አትፍራኝ። «ቫርተ አውፍ ሚኽ» ን የለመደ አንደበት አውቶቡሱ ሲመጣ «ዴን» ማለት አይከብደውም።

ከሰው ጋር የማይሄዱትን፣ ለምሳሌ በኮርስ መሳተፍን፣ ከተባዕታይ ነጠላ ስም ጋር ያዟቸው። የአንስታይና የግዑዝ ስም አርቲክል በአኩዛቲቭ ሳይለወጥ ስለሚቀር ስህተቱን ይሸፍናል፤ የተባዕታይ ስም ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። ሰንጠረዡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሸምደድ አትድከሙ። «ዩበር» ን እና «ፎር» ን ደንቡ ይዟቸዋል፤ ከ«አውፍ» አራቱን አፈንጋጮች ብቻ ለዩ፤ የቀረውን ጉልበታችሁን ለ«አን» አውሉት።