ሰማያዊዋ መብራት

ቶዮታ ቪትዝ ተውሶ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚነሳ ሰው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ የቴርሞሜትር ምልክት ሲበራ ሊደነግጥ ይችላል። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም። ሰማያዊው መብራት ሞተሩ ገና አለመሞቁን ይናገራል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይጠፋል። ቀይ ከሆነ ግን ሞተሩ እየፈላ ነው፦ ዳር ይዞ ማጥፋት፣ እስኪበርድም የራዲያተሩን ክዳን አለመንካት ነው።

ዋናው ፍተሻ ግን ከግቢ ሳይወጡ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ሲያደርጉት የዘይት፣ የባትሪና የቼክ ኢንጅን መብራቶች መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ ያልበራው ይበልጥ ያጠራጥራል፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ጉድለት ለመደበቅ ተነቅሎ ይሆናል። የእጅ ፍሬን ተለቆም ቀዩ የፍሬን መብራት ካልጠፋ፣ የፍሬን ዘይቱ ሳይታይ አይነዳም።

የዘይቱ ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። “ጋራዥ እስክደርስ” ብሎ መንዳት ሞተሩን ያስነክሳል።

የሚደወለው መጀመሪያ ለባለቤቱ ወይም ለአከራዩ ነው፤ የመኪናውን የቆየ አመል የሚያውቀው እሱ ነውና። የበራውን መብራት ፎቶ መላክ ከማብራራት ይቀላል። በኪራይ መኪና ደግሞ ያለ አከራዩ ፈቃድ መካኒክ ማስነካት የጥገናውን ወጪ በተከራዩ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ውሉ ቀድሞ ይነበብ።