እቃው ሲደርስ የሚከፈል ሂሳብ እና ከደጃፍ የሚመለስ እቃ

እቃው ሲደርስ መክፈል ማለት ገዢው በስልክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ አዝዞ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው እቃውን በዓይኑ አይቶ በእጁ ሲረከብ ብቻ የሆነበት የሽያጭ ዓይነት ነው። አሠራሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በፈረንጆቹ 1913 የጥቅል መላኪያ አገልግሎት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት ፖስተኛው እቃውን አስረክቦ ሂሳቡን ለሻጩ እንዲሰበስብ አደረገ። የሕንዱ ፍሊፕካርትም በ2010 ይህንኑ መንገድ የያዘው፣ ካርድ የሌላቸው ወይም ካርዳቸውን በኢንተርኔት ለመጠቀም የሚፈሩ ገዢዎች ብዙ ስለነበሩ ነው።

በአዲስ አበባ ግን ችግሩ መክፈያው ጠፍቶ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንክ መተግበሪያዎችም ተጨምረው፣ ከሰፈር ሱቅ ጀምሮ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል። ያው ሰው ግን ለማያውቀው የቴሌግራም ቻናል 2,000 ብር አስቀድሞ ላክ ቢባል አይልክም። ሥጋቱም ተገቢ ነው፤ አንዴ ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ የገባን ገንዘብ ላኪው ብቻውን መልሶ ሊስበው አይችልም፣ ቻናል ደግሞ በአንድ ሌሊት ስሙን ቀይሮ ወይም ተዘግቶ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ገዢው የሚጠራጠረው ስልኩን ሳይሆን ሻጩን ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሻጩ ትልቅ ነው፦ ደጃፍ ላይ የሚከፈለው የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። እቃውን ካየ በኋላ በቴሌብር የሚከፍል ገዢም ያው በርክክብ የከፈለ ነው፣ ሞተረኛውንም ብዙ ብር ተሸክሞ ከመዞር ያድነዋል።

ይህ አሠራር የገዢውን ሥጋት ወስዶ ሻጩ ላይ ይጭነዋል። ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ሻጮች የሚያውቁት በወሩ መጨረሻ ኪሳቸው ሲሳሳ ነው። ለስሌት ያህል ጫማ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ሱቅ ይታሰብ። ጫማውን በ1,850 ብር ገዝቶ በ2,400 ብር ይሸጣል፤ ማድረሻው «ነጻ» ስለተባለ ለሞተረኛው 150 ብር የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ለማሸጊያ ደግሞ 30 ብር ያወጣል። እቃው ከተከፈለበት 370 ብር ይቀረዋል። ገዢው «አልፈልግም» ካለ ግን የመሄጃው 150፣ የመመለሻው 100 እና የማሸጊያው 30 በድምሩ 280 ብር ይጠፋል። በሌላ አነጋገር አራት ጫማ ሲመለስ የሦስት ጫማ ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ሱቁ በወር 100 ጫማ ይልካል፣ ለኪራይ፣ ለሠራተኛና ለማስታወቂያ ደግሞ 20,000 ብር ያወጣል እንበል። ከ100ው 24 ቢመለስ የተጣራ ትርፉ 1,400 ብር ብቻ ነው። 27 ከተመለሰ ኪሳራ ውስጥ ገብቷል። ተመላሹ ወደ 12 ቢወርድ ግን 9,200 ብር ያተርፋል፤ ይህም አንድ ትእዛዝ ሳይጨምር፣ ዋጋም ሳያስወድድ ነው። ለማስታወቂያ ገንዘብ ከመጨመር በፊት ተመላሽን መቀነስ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። በየሱቁ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ተመላሽ ሲበዛ ብዙዎች የሚሮጡት ሌላ ማስታወቂያ ለማሠራት ነው።

ለመቀነስ መጀመሪያ እቃው ለምን እንደተመለሰ ማወቅ ያስፈልጋል። «ደንበኛው አልወሰደም» የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያየ ነገር ይሸፍናል። ስልኩን ያላነሳ ገዢ እቃውን እምቢ አላለም፣ አልተገኘም እንጂ። በዕለቱ በእጁ ገንዘብ ያልነበረው ሰው ደመወዝ ሲገባለት ሊወስድ ይችላል። ቀለሙ ከፎቶው የተለየበት ወይም ቁጥሩ የጠበበው ገዢ ጥፋቱ የሻጩ ነው። ማድረሻው ነጻ መስሎት ደጃፍ ላይ ተጨማሪ 200 ብር የተጠየቀም እንዲሁ። እቃው በአምስተኛው ቀን የደረሰው ደግሞ እስከዚያ መርካቶ ወርዶ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞተረኛው እቃ በመለሰ ቁጥር ምክንያቱን ከጥቂት ቃላት አንዱን መርጦ እንዲመዘግብ ይደረጋል፦ አልተገኘም፣ ገንዘብ የለም፣ ልክ አይደለም፣ እንደ ፎቶው አይደለም፣ ዘገየ፣ ሐሳቡን ቀየረ። የወር መዝገቡ ሲታይ «እንደ ፎቶው አይደለም» የሚለው ከአንድ እቃ ጋር ደጋግሞ ከመጣ መቀየር ያለበት ፎቶው ነው።

የሞተረኛው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሩቅ ሰፈር መሄድ ሰልችቶት ወይም የመመለሻ ክፍያውን ፈልጎ፣ ሳይሄድ «ስልክ አያነሱም» የሚል አይጠፋም። ሱቁ በዚያው ሰዓት ለገዢው ደውሎ ይህን ይለያል። «ማንም አልደወለልኝም» የሚል መልስ ከአንድ ሞተረኛ ጋር ብቻ ከተደጋገመ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከሁሉ በላይ ተመላሽ የሚቀንሰው እቃው ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ የማረጋገጫ ስልክ ነው። የሚደወለው ትእዛዙ በገባበት ሰዓት ሳይሆን እቃው በሚወጣበት ጠዋት ነው፤ ማታ በስሜት ያዘዘ ሰው ጠዋት ሐሳቡ ይለወጣልና። በዚህ ጥሪ ቀለሙና ቁጥሩ ይነበብለታል፣ ማድረሻ ካለ ተደምሮ ጠቅላላው ሂሳብ በአንድ ቁጥር ይነገረዋል፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚረከብና በጥሬ ገንዘብ ወይስ በስልክ እንደሚከፈል ይጠየቃል። የቤት ቁጥር እምብዛም በማይሠራበት ከተማ አድራሻ ማለት ሰፈርና ምልክት ነው፤ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም» የሚል አድራሻ ያለ ብሎክና ያለ ቤት ቁጥር የሞተረኛውን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ሁለት ጊዜ ተደውሎለት ያላነሳ ሰው እቃ አይወጣለትም። በዚህ የሚቀሩ ትእዛዞች እንደጠፋ ሽያጭ መቆጠር የለባቸውም፤ አብዛኞቹ ቢወጡም የሚመለሱ ነበሩ።

ደጃፍ ላይ ገዢው እቃውን ከፍቶ ሳያይ እንዲከፍል ማስገደድ የአሠራሩን ዋና ምክንያት ያፈርሰዋል። የሚሻለው ምን ድረስ ማየት እንደሚቻል አስቀድሞ መናገር ነው። ጫማ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ይሞከራል፣ ተለብሶ ግን ደጅ አይወጣም። ስልክ ተከፍቶ ይታያል፤ *#06# ተመትቶ የሚመጣው የመለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ይመሳከራል። ቅባትና ሽቶ ግን ማሸጊያቸው ከተቀደደ ለሌላ ሰው ስለማይሸጡ የሚታዩት ከውጭ ብቻ ነው። ሞተረኛው አሥር ደቂቃ ጠብቆ መሄድ እንዳለበት ሁለቱም ወገን ቢያውቅ ክርክር ይቀንሳል። ለ2,400 ብር ሦስት ሺህ የሚያወጣ ገዢ እንዳይመለስበት መልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ጠዋት ይሰጠዋል።

በስልክ ሲከፈል ሌላ ወጥመድ አለ። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ የሚያሳየው የደረሰኝ ምስል ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀየራል፤ የትናንቱ ደረሰኝም ቀኑ ካልታየ እንደ ዛሬ ያልፋል። በራሱ በሻጩ ስልክ የመጣ አጭር መልእክት እንኳ ከሌላ ቁጥር የተላከ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ሱቁ የራሱን መተግበሪያ ወይም በቴሌብር *127# ከፍቶ ቀሪ ሂሳቡ መጨመሩን ማየት። ሞተረኛው ሱቁ ደውሎ «ገብቷል» እስኪለው ድረስ እቃውን ከእጁ አይለቅም። ኔትወርክ ከተቋረጠ ወይ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፣ ወይ እቃው ተመልሶ ሌላ ቀን ይመጣል፤ «አምንሃለሁ» ብሎ መተው ግን የሱቁ እንጂ የሞተረኛው ውሳኔ አይደለም።

ሂሳቡ በየማታው ይዘጋል። ጠዋት የወጣው እቃ ቁጥር ከተከፈለበት፣ ከተመለሰውና በሞተረኛው እጅ ካደረው ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት። አንድ ቢጎድል በዚያው ማታ ይጠየቃል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ማንም አያስታውሰውም። ተመላሽ እቃም በሞተረኛው ሳጥን ውስጥ ማደር የለበትም። በየመንገዱ ያለ ጫማ የተቆለፈ ገንዘብ ነው፣ ያንኑ ቁጥር ሌላ ገዢ ጠይቆ «አልቋል» ሊባል ይችላል። ሲገባ ካርቶኑ፣ ሶሉና ጥንድነቱ ይታያል፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ቁጥር ሆኖ የተመለሰ ጫማ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ደህናው ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፣ ጭረት ያለበት ጉድለቱ ተነግሮ በቅናሽ ይሸጣል።

እቃውን ያለ ምክንያት የመለሰን ገዢ ከሶ 280 ብር ማስመለስ ድካሙን አያህልም። መድኃኒቱ መዝገብ ነው። አንድ ጊዜ የመለሰ ሰው ይታለፋል፣ ምክንያት ይኖረዋልና። በዚያው ስልክ ቁጥር ሁለተኛ ከተመለሰ ግን ሦስተኛውን ለማግኘት የማድረሻውን 150 ብር አስቀድሞ እንዲልክ፣ እቃውን ከወሰደ ከዋጋው እንደሚቀነስለት ይነገረዋል። ለአዲስ ገዢ ሁሉ ይህን መጠየቅ ግን ስሕተት ነው፤ አስቀድሞ መላክን ፈርቶ የመጣውን ሰው መልሶ ያባርረዋል። በምትኩ ሁለት ሦስት ጊዜ በሰላም የወሰደ ደንበኛ አስቀድሞ ከከፈለ ማድረሻው ቢቀነስለት፣ ቀስ በቀስ ወደ ቅድመ ክፍያ ይሻገራል።

ለሁሉም እቃ አይሆንም። ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የሚላክ ጥቅል ላይ ሹፌሩ ገንዘብ ሰብሳቢ ስላልሆነ፣ በዚያ ከተማ የሚታመን ተረካቢ ከሌለ በርክክብ መክፈል አይሠራም። ስም የተጻፈበት ኬክ፣ በልክ የሚሰፋ የሀበሻ ቀሚስ ወይም ፎቶ የሚታተምበት ኩባያ ቢመለስ ሌላ ገዢ የለውም። ለእነዚህ ከተማው ከድሮም የሚያውቀው ቀብድ አለ፤ መጠኑም ሻጩ ለጨርቁ፣ ለዱቄቱ ወይም ለኅትመቱ ከሚያወጣው ወጪ ማነስ የለበትም።